ደንበኛ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ብሎ እንዳይደውል፦ የትዕዛዝ ማረጋገጫና የማድረሻ መልእክት አላላክ ከነናሙናው

«መልእክት እየላክንለት ደንበኛው መደወሉን አላቆመም» የሚል ቅሬታ ከኦንላይን ሻጮች ዘንድ ደጋግሜ እሰማለሁ። የላኩትን መልእክት ተቀብዬ ሳነብ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ግሱ ሁለት ትርጉም አለው፣ ወይ ሰዓቱ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ አይታወቅም፣ ወይ ደግሞ «አቁሙልኝ» ያለው ሰው አሁንም መልእክት ይደርሰዋል።

መመሪያው የሚከተለው አንድ ሱቅ ነው። ሱቁ በቴሌግራም ቻናል ጫማ ይሸጣል፣ በቀን 30 ያህል ትዕዛዝ ይቀበላል፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ያደርሳል፣ ገንዘቡንም ሲያስረክብ ይቀበላል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምንከታተለው ትዕዛዝ ቁጥር 418 ነው፦ ጥቁር የሴት ጫማ፣ ቁጥር 39፣ 2,400 ብር፣ መድረሻው አያት፣ ቀኑ ማክሰኞ።

## ከመጀመርዎ በፊት

መዝገብ። ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ ረድፍ ይስጡ። በረድፉ ላይ የትዕዛዝ ቁጥር፣ ስልክ፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ የመድረሻ ምልክት (ለምሳሌ «አያት፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ»)፣ ቀንና ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ መልእክት አንድ «ተልኳል» የሚል ሳጥን ይኑር። «አቁም» ያሉ ሰዎች ዝርዝር ግን በሌላ ገጽ ይቀመጥ። ለምን እንደሚለይ ደረጃ 7 ላይ ያገኙታል።

የመላኪያ መንገድ። በቀን አምስት ስድስት ትዕዛዝ ብቻ ካለዎት ከሱቁ ስልክ በእጅ መላክ ይቻላል፤ ናሙናዎቹን ስልክዎ ላይ አስቀምጠው ይገልብጡ። ከዚያ ከበዛ ግን በጅምላ የሚልክ የኤስኤምኤስ አገልግሎት ወይም የቴሌግራም ቦት ያስፈልግዎታል።

አገልግሎት ሰጪውን ከመዋዋልዎ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድመው ይጠይቁ፦ «ደንበኛው መልስ ቢጽፍ መልሱ ለእኔ ይደርሳል ወይ?» በላኪው ቦታ ላይ የሱቅዎ ስም በፊደል የሚታይበት መልእክት መልስ አይቀበልም። አጭር ቁጥርም ቢሆን ለመላክ ብቻ የተከፈተ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ «አቁም ብለው ይመልሱ» ብሎ መጻፍ ደንበኛውን ማታለል ነው፤ ሰውየው ይጽፋል፣ ወደ እርስዎ የሚመጣ ግን የለም። መልስ መቀበል ካልቻሉ በናሙናዎቹ ውስጥ «ይመልሱ» የሚለውን አውጥተው «ወደ 09XXXXXXXX ሚስኮል ያድርጉ» ብለው ይተኩ። ሚስኮል ሌላም ጥቅም አለው። ጽሑፍ መላክ ደንበኛውን ሊያስከፍለው ይችላል፣ ያልተነሳ ሚስኮል ግን አያስከፍልም።

ሦስት መሞከሪያ ስልኮች። አንድ ስማርት ስልክ፣ አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ፣ አንድ በሌላኛው የቴሌኮም መስመር የሚሠራ ስልክ። ናሙናው በሦስቱም ላይ ሳይነበብ ለደንበኛ እንዳይልኩ።

## ደረጃ 1፦ ስልክ ቁጥሩን ያጽዱ

1. የስልኩን ዓምድ ቁጥር ከመጻፍዎ በፊት «ጽሑፍ» ተብሎ እንዲያዝ ያድርጉት። አለዚያ ኤክሴል የመጀመሪያዋን 0 ይውጣታል፣ 0911 የነበረው 911 ሆኖ ይቀራል።

2. ሰው ቁጥሩን በአራት ዓይነት ይጽፋል፦ በ09፣ በ+251፣ በ251፣ አንዳንዴም በክፍተት እየቆራረጠ። ሁሉንም ወደ አንድ መልክ ያምጡ። ስልኩ A2 ላይ ከሆነ B2 ላይ ይህን ይጻፉ፦

```
="251"&RIGHT(SUBSTITUTE(A2," ",""),9)
```

3. ጎኑ ላይ C2 ውስጥ መፈተሻውን ያስቀምጡ፦

```
=AND(LEN(B2)=12,OR(MID(B2,4,1)="9",MID(B2,4,1)="7"))
```

`FALSE` ያለው ረድፍ ሁሉ ሰው ሊያየው ይገባል። ከ251 ቀጥሎ 9 የሚመጣው በኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሮች ነው፣ 7 የሚመጣው በሳፋሪኮም። ሌላ አኃዝ ካዩ ደንበኛው አንድ አኃዝ ጨምሯል ወይም አጉድሏል።

ማስጠንቀቂያ፦ መፈተሻው የቁጥሩን ቅርጽ ብቻ ያያል። 5 እና 6ን አቀያይሮ የጻፈ ሰው ቁጥር ያልፋል፣ የሌላ ሰው ስልክ ላይም ይደርሳል። ስለዚህ በማንኛውም መልእክት ውስጥ የደንበኛውን ሙሉ ስምና የቤቱን አቅጣጫ አይጻፉ። የትዕዛዝ ቁጥሩ ይበቃል።

## ደረጃ 2፦ ሲያዝ ይጠይቁት

ትዕዛዙን በሚቀበሉበት በዚያው ቻት ላይ ይህን ይጠይቁ፦

> ስለ ትዕዛዝዎ ከ3 እስከ 4 አጭር መልእክት እንልካለን። በኤስኤምኤስ ይሁን በቴሌግራም? ስልክዎ አማርኛ ያነባል?

መልሱን በመዝገቡ ላይ ይጻፉ። ሁለተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ የሚያስቀረው ችግር ግን ትንሽ አይደለም። አንዳንድ ባለ ቁልፍ ስልኮች የግዕዙን ፊደል በባዶ ሳጥን ይተኩታል፤ ደንበኛው «የማላውቀው ነገር መጣብኝ» ብሎ ያጠፋዋል።

የተፈቀደልዎ ስለዚህ ትዕዛዝ ለመናገር ብቻ ነው። «አዲስ ጫማ ገብቷል» የሚል መልእክት ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ቁጥሩን ዕቃ እንዲደርሰው የሰጠ ሰው ለማስታወቂያ አልሰጠም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የሰውን መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ ማዋል በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ነው።

## ደረጃ 3፦ ግሱን፣ ሰዓቱንና አክብሮቱን ያስተካክሉ

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። አብዛኛው «የት ደረሰ?» የሚል ስልክ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ግሱ። «ትዕዛዝዎ ደርሷል» የሚለውን እስኪ ደንበኛ ሆነው ያንብቡት። ሻጩ «ትዕዛዝዎ ለእኛ ደርሶናል» ማለቱ ነው፤ ደንበኛዋ ግን ዕቃው በሯ ላይ የቆመ መስሏት ወደ በሩ ትወጣለች። «ደረሰ» የሚለውን ግስ ከሁሉም መልእክት ያውጡት። በምትኩ እነዚህን አራት ብቻ ይጠቀሙ፣ እርስ በርስም አያቀያይሩ፦

- ተቀብለናል፦ ትዕዛዙ ተመዝግቧል፣ ዕቃው ገና ሱቅ ነው።
- ወጥቷል፦ ዕቃው ሞተረኛው እጅ ነው።
- አላገኘዎትም፦ ሞተረኛው ደውሎ መልስ አላገኘም።
- ተረክበዋል፦ ዕቃው በደንበኛው እጅ ገብቷል።

ሰዓቱ። ሥርዓቱ ከኮምፒውተር ሰዓት እየወሰደ «10:00» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሆናል? እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርዎ። ለአንዲት ደንበኛ «ነገ 10:00 እናመጣለን» የሚል መልእክት ሄደላት። እኛ ያልነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። እሷ የገባት ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው፣ ማንም አማርኛ የሚያነብ ሰው የሚገባውም ይኸው ነው። ሞተረኛው አያት ድረስ ሄዶ በር ሲያንኳኳ እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ በ10 ሰዓት ቤቷ ስትደርስ ደግሞ እኛ «አልተገኙም» ብለን ዕቃውን መልሰናል። ስትደውል የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነበር።

ስለዚህ ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ያድርጉት፣ ቀጠሮ ሲሰጡም ከፊቱ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ይጨምሩ። የኮምፒውተሩ ሰዓት D2 ላይ ካለ ይህ ይለውጠዋል፦

```
=MOD(HOUR(D2)+5,12)+1&"፡"&TEXT(MINUTE(D2),"00")
```

13:40 የነበረው 7፡40 ሆኖ ይወጣል። 7:00፣ 12:30 እና 18:15 አስገብተው ይሞክሩት፤ 1፡00፣ 6፡30 እና 12፡15 መምጣት አለበት።

ቀኑ። «በ12» ብለው አይጻፉ። የሐበሻው ወር 12 ይሁን የፈረንጁ 12 አይታወቅም። «ዛሬ»፣ «ነገ» እና «አሁን»ም አይጻፉ። ስልኩ ጠፍቶ ያደረ ሰው መልእክቱን የሚያነበው በማግስቱ ነው፤ ያን ጊዜ «ነገ» የሚለው ቃል ሐሰት ይሆናል። «ማክሰኞ» ቢነበብ የፈለገው ሰዓት ላይ ያው ማክሰኞ ነው።

አክብሮቱ። «ትዕዛዝህ» ወይም «ትዕዛዝሽ» ብሎ ለመጻፍ ደንበኛው ወንድ ይሁን ሴት ማወቅ ይጠይቃል፤ ከስም ብቻ መገመት ደግሞ ያሳስታል። «ትዕዛዝዎ»፣ «ይረከባሉ»፣ «ይመልሱ» ቢሉ ለወንዱም ለሴቷም፣ ለወጣቱም ለአዛውንቱም ይሆናል፤ አንድ ናሙና ለሁሉም ይበቃል።

## ደረጃ 4፦ ናሙናዎቹን ልኩ ላይ ያድርሱ

አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይገባበታል፣ በግዕዝ ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጮቹን መልሶ የሚያገጣጥመው ምልክት ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። 71 ፊደል የጻፈ ሰው የሁለት መልእክት ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። ክፍተትና ነጥብም እንደ ፊደል ይቆጠራሉ። ርዝመቱን `=LEN(E2)` ይነግርዎታል።

አማርኛ እዚህ ላይ አይጎዳም፤ አንዱ ፊደል ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ በ70 ፊደል ብዙ ይባላል። የሱቅዎን ስም ከ7 ፊደል አያሳልፉ፤ ከታች ያሉት ሁሉ በዚያ ልክ የተቆረጡ ናቸው። `[ሱቅ]` ባለበት ስሙን ይተኩ።

ናሙና 1፣ ማረጋገጫ፦

> [ሱቅ]፦ ትዕዛዝዎን ተቀብለናል፤ ቁ. 418። ጥቁር የሴት ጫማ፣ ቁጥር 39፣ 2,400 ብር፤ ሲረከቡ ይከፍላሉ። ማክሰኞ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት እናመጣለን። መልእክት ካልፈለጉ አቁም ብለው ይመልሱ።

ከሱቁ ስም ውጭ 122 ፊደል ነው፤ ሁለት ክፍል 134 ስለሚይዝ ለስሙ 12 ይተርፋል። ሁለት ክፍል ሊወጣበት የሚገባው መልእክት ይህ ብቻ ይመስለኛል፤ ደንበኛው ዕቃውን፣ ቁጥሩንና ዋጋውን አንድ ላይ አይቶ ስህተት ካለ የሚያርመው እዚህ ላይ ነው።

ናሙና 2፣ ሞተረኛው ሲወጣ፦

> [ሱቅ]፦ ዕቃዎ (418) በ7፡40 ወጥቷል። ሞተረኛው በ09XXXXXXXX ይደውላል። 2,400 ብር ያዘጋጁ።

63 ፊደል ነው፣ ለስሙ 7 ይቀራል። የሞተረኛው ቁጥር መጻፉ ግድ ነው፤ የማያውቁት ቁጥር ሲደውል የማያነሳ ደንበኛ ብዙ ነው። ለሞተረኛው ግን የሥራ ሲም ይስጡት፣ የግል ቁጥሩ በየሰው ስልክ ላይ እንዳይቀር።

ናሙና 3፣ ደውሎ ሲያጣ፦

> [ሱቅ]፦ ሞተረኛው በ9፡10 ደውሎ አላገኘዎትም። ማክሰኞ ከፈለጉ 1፣ ረቡዕ ከፈለጉ 2 ብለው ይመልሱ።

ናሙና 4፣ ከተረከበ በኋላ፦

> [ሱቅ]፦ ዕቃዎን (418) በ9፡25 ተረክበዋል። 2,400 ብር ተከፍሏል። ካልተረከቡ 3 ብለው ይመልሱ።

የናሙና 4 የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር እንዳይቀር። ዕቃው ለጎረቤት ወይም ለጥበቃ ተሰጥቶ «ተረክበዋል» የሚል መልእክት የሚሄድበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ደንበኛው የሚናገርበት መንገድ ያስፈልገዋል።

አማርኛ ለማያነብ ስልክ ናሙና 2 እንዲህ ይሆናል፦

```
[SUQ]: Eqawo (418) be 7:40 wetitual. Motoregnaw be 09XXXXXXXX yidewlal. 2,400 birr yazegaju.
```

ማስጠንቀቂያ፦ በላቲኑ ናሙና ውስጥ አንዲት የግዕዝ ፊደል ብትገባ፣ ወይም ከወርድ የተገለበጠ ጠማማ የጥቅስ ምልክት ቢቀር፣ መላው መልእክት ወደ 70 ፊደል ልክ ይወርዳል። ሒሳቡ በድንገት ሲጨምር መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

በየትኛውም ናሙና ውስጥ የሚስጥር ቁጥር ወይም ፒን አይጠይቁ፣ የክፍያ ሊንክም አያስገቡ። በሱቅዎ ስም የሚያጭበረብር ሰው የሚልከው እንዲህ ያለውን ነው፤ እርስዎ ፈጽሞ ካልላኩት ደንበኛው ልዩነቱን ያውቀዋል።

## ደረጃ 5፦ በቅደም ተከተል ይላኩ

1. ማረጋገጫውን ትዕዛዙ ከተመዘገበ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይላኩ። ከመላክዎ በፊት ጫማው መደርደሪያው ላይ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። «ተቀብለናል» ብሎ ኋላ «አልቋል» ማለት ጭራሽ ካለመላክ ይብሳል።

2. ከመላክዎ በፊት ቁጥሩ በ«አቁም» ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን ይፈትሹ። ፍተሻው ጠዋት አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ አይደለም፤ በእያንዳንዱ መልእክት ፊት ይደገማል።

3. መላኪያውን ከመጫንዎ በፊት በመዝገቡ ሳጥን ላይ «በመላክ ላይ» ብለው ይጻፉ። ከተላከ በኋላ ወደ «ተልኳል» ይለውጡት። ኔትወርክ መሐል ላይ ቢቋረጥ ረድፉ «በመላክ ላይ» እንዳለ ይቀራል፣ ሌላው ሠራተኛም አይቶ ደግሞ አይልከውም።

4. «ወጥቷል»ን ሞተረኛው ዕቃውን ይዞ ሞተሩ ላይ ሲወጣ ብቻ ይላኩ። ጠዋት ለ30ው ሁሉ በአንድ ላይ የሚልክ ሱቅ አለ፤ በ7፡40 የሚወጣው ዕቃ በ3 ሰዓት «ወጥቷል» ከተባለ ደንበኛው ከአራት ሰዓት በላይ ይጠብቃል፣ ይደውላልም።

5. «አላገኘዎትም»ን ሞተረኛው በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ደውሎ ካጣ በኋላ ይላኩ። 15 ደቂቃ ይጠብቅ፤ መልስ ከሌለ ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሂድ።

6. «ተረክበዋል»ን ሞተረኛው ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ሱቅ ሲደውል ይላኩ። በቴሌብር ወይም በኤምፔሳ ከተከፈለ ደግሞ ገንዘቡ በራስዎ ሒሳብ ላይ ሲገባ አይተው ይላኩ። ደንበኛው የሚያሳየውን ስክሪንሾት አይመኑ፣ ተቀናብሮ ሊሆን ይችላል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊትና ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ምንም አይላኩ። ማታ የታዘዘ ትዕዛዝ ማረጋገጫው ጠዋት ይሂድለት።

ትዕዛዝ 418 ሲሄድ። ሰኞ ከቀኑ 9፡05 ታዘዘ፣ 9፡12 ማረጋገጫው ሄደ። ደንበኛዋ «39 ሳይሆን 38 ነው» ብላ መለሰች፤ ረድፉ ታርሞ ናሙና 1 ከአዲሱ ቁጥር ጋር ድጋሚ ተላከላት። ማክሰኞ 7፡40 ሞተረኛው ወጣ፣ ናሙና 2 ሄደ። 9፡05 እና 9፡10 ደውሎ አጣት፣ ናሙና 3 ሄደ። 9፡16 «1» ብላ መለሰች፤ ስብሰባ ላይ ነበረች። 9፡25 ተረከበች፣ ናሙና 4 ሄደ። በመሐል አንድም «የት ደረሰ?» የሚል ስልክ አልመጣም።

## ደረጃ 6፦ በቴሌግራም ሲሆን

የቴሌግራም ቦት ለማያውቀው ሰው ቀድሞ መጻፍ አይችልም። ደንበኛው ራሱ ከፍቶ «ጀምር» የሚለውን መጫን አለበት። ብዙ ሻጮች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ቦቱን ሠርተው ስልክ ቁጥር ያስገቡለትና ለምን እንደማይልክ ይገረማሉ። ቦት የሚልከው ወደ ቻት መለያ ነው፣ ወደ ስልክ ቁጥር አይደለም።

1. ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱን ሊንክ ይስጡ፦

```
https://t.me/YourShopBot?start=418_k7Qx2m
```

ከ418 ቀጥሎ ያለው የዘፈቀደ ፊደል አይቅር። `start=418` ብቻ ከሆነ ማንም ሰው 417 ብሎ ቀይሮ የሌላውን ትዕዛዝ ማየት ይችላል። ከ`start=` በኋላ የሚፈቀደው እስከ 64 ፊደል ነው፤ የላቲን ፊደል፣ አኃዝ፣ `_` እና `-` ብቻ።

2. ደንበኛው ሲጫን ቦቱ የሚያገኘውን የቻት መለያ ከረድፉ ጎን ይመዝግቡ።

3. መልእክቱ እንዲህ ይላካል፦

```
curl -s "https://api.telegram.org/bot$TOKEN/sendMessage" \
  -d chat_id="$CHAT_ID" \
  --data-urlencode text="$TEXT"
```

ቶክኑን፣ ማለትም የቦትዎን የሚስጥር ቁልፍ፣ ለማንም አይላኩ፣ በስክሪንሾትም አያሳዩ፤ ቶክኑን የያዘ ሰው በሱቅዎ ስም ለደንበኛዎ መጻፍ ይችላል።

በቴሌግራም እስከ 4096 ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ እርስዎ ግን አያርዝሙት። እነዚያኑ አራት ናሙናዎች ይጠቀሙ። ማረጋገጫው ላይ የጫማውን ፎቶ ቢጨምሩ ይጠቅማል፣ ቀለም ላይ የሚነሳ ክርክር ይቀንሳል።

## ደረጃ 7፦ «አቁም» ሲባል

1. ሁሉንም አጻጻፍ ይቀበሉ። ሰው «አቁም» ብቻ አይልም። «አቁሙ»፣ «ይቁም»፣ «ይቅርብኝ»፣ «አትላኩ»፣ «አትላኩልኝ»፣ በላቲን ደግሞ `stop`፣ `STOP`፣ `akum` ይላል። አንዳንዱ «ኣቁም» ወይም «ዐቁም» ብሎ ይጽፋል። ቦትዎ ወይም ሥርዓትዎ ከማነጻጸሩ በፊት ኣ፣ ዐ እና ዓን ወደ አ ይለውጥ፣ ነጥብና ክፍተትን ያውጣ፣ ላቲኑን ወደ ትናንሽ ፊደል ያምጣ። ከዝርዝሩ ጋር ያልገጠመውን መልስ ሁሉ ሰው ያንብበው። «ኧረ በናታችሁ ተዉኝ» የሚለውን ማሽኑ ላያውቀው ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ያው አቁም ነው።

2. ወዲያውኑ ያቁሙ፣ አንድ መልስ ብቻ ይላኩ። «ለምን?» ብለው አይጠይቁ፣ ቅናሽም አያቅርቡ።

> [ሱቅ]፦ ከእንግዲህ መልእክት አንልክም። ለትዕዛዝ 418 ሞተረኛው ይደውላል። ለመመለስ ጀምር ብለው ይላኩ።

በመንገድ ላይ ያለ ትዕዛዝ ከሌለው መሐሉን ዐረፍተ ነገር ያውጡት። ካለው ግን ትዕዛዙን አይሰርዙ። መልእክት አልፈልግም ያለ ሰው ጫማውን አልፈልግም አላለም። ይህን አደባልቀው ትዕዛዝ የሰረዙ ሠራተኞች አይቻለሁ። ለሞተረኛው «በስልክ ብቻ» ብለው ይንገሩት።

3. ቁጥሩን ከመዝገብ አያጥፉ፣ በ«አቁም» ዝርዝር ላይ ይጻፉት። መጀመሪያ ላይ እኔ ራሴ የተሳሳትሁት በዚህ ነው። «አቁሙ» ያሉንን ሰዎች ቁጥር ከመዝገቡ ደመሰስሁ፤ ንጹሕ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከወር በኋላ አንድ ባልደረባዬ የድሮ ኤክሴል መልሶ ሲያስገባ እነዚያው ቁጥሮች ተመልሰው መጡና መልእክት ሄደላቸው። አንዱ ደውሎ «ለምን ዋሻችሁኝ?» አለኝ፤ ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር የምለው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ለብቻው አለ፤ በውስጡም ቁጥሩና የተቋረጠበት ቀን ብቻ ይቀመጣል፣ ስም የለም፣ አድራሻ የለም።

4. የሁለቱን ፈቃድ ይለዩ። ለማስታወቂያ መልእክት «አቁም» ብሎ የመለሰ ሰው የማስታወቂያው ብቻ ይቁምለት፣ የራሱ ትዕዛዝ መልእክት ይቀጥል። ለትዕዛዝ መልእክት «አቁም» ያለ ሰው ግን ሁለቱም ይቁሙለት። ሲጠራጠሩ ሁለቱንም ያቁሙ።

5. በአንዱ መንገድ ያቆመውን በሌላው አይከተሉት። በኤስኤምኤስ «አቁም» ያለን ሰው በቴሌግራም ማሳደድ አይገባም።

በየሳምንቱ አንድ ቀን በመሞከሪያ ስልክዎ «አቁም» ብለው ይላኩና ከዚያ ትዕዛዝ ያስገቡ። ምንም ካልመጣ ሥርዓቱ ይሠራል።

## አንድ ደረጃ ሲበላሽ

አገልግሎት ሰጪው «ተልኳል» ይላል፣ ደንበኛው «አልመጣልኝም» ይላል። «ተልኳል» ማለት ከእርስዎ ወጥቷል ማለት ብቻ ነው። የማድረሻ ሪፖርቱን ይክፈቱ። `DELIVRD` ስልኩ ላይ ገብቷል፣ ደንበኛው ሌላ ሳጥን ውስጥ ይፈልገው። `EXPIRED` ስልኩ ጠፍቶ ወይም ኔትወርክ አጥቶ ጊዜው አልፏል። `UNDELIV` አልገባም፣ ቁጥሩን ከደንበኛው ጋር ያረጋግጡ። `REJECTD` መልእክቱ ተከልክሏል፣ ለአገልግሎት ሰጪው ይደውሉ።

«ወጥቷል» የሚለው ማታ ደረሰ። ስልኩ ተዘግቶ ቆይቷል። አገልግሎት ሰጪዎ መልእክቱ የሚጠብቅበትን ጊዜ ማሳጠር የሚፈቅድ ከሆነ ለናሙና 2 እና 3 ሦስት ሰዓት ያድርጉት። ዕቃው ከተረከበ በኋላ የሚደርስ «ወጥቷል» ደንበኛን ግራ ከማጋባት በቀር አይረባም።

አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሄደ። ብዙውን ጊዜ ገጹ ሲዘገይ ሠራተኛው ደግሞ ስለጫነ ነው። ለደንበኛው የማስተካከያ መልእክት አይላኩ፣ ሦስተኛ መልእክት ይሆናል። የደረጃ 5ን ተራ ቁጥር 3 ይፈትሹ።

የተሳሳተ ዋጋ ወይም የሌላ ሰው ትዕዛዝ ሄደ። እዚህ ላይ ግን ዝም አይበሉ። ይደውሉ፣ ከዚያ «ቀደም የላክነው ስህተት ነው፤ ትክክለኛው 2,400 ብር ነው» የሚል አንድ መልእክት ይላኩ። ለ30ው ሁሉ በአንድ ረድፍ ተንሸራቶ ከሄደ (ኤክሴል ላይ አንዱን ዓምድ ብቻ ሲደረድሩ ይሆናል) የቀረውን መላክ ወዲያው ያቁሙ፣ ሞተረኞቹን አስቁመው ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ።

ቦቱ `403` መለሰ። `Forbidden: bot was blocked by the user` የሚል ከሆነ ደንበኛው ቦቱን ዘግቶታል። እንደ «አቁም» ይቁጠሩት፣ ደግመው አይሞክሩ፣ ለቀረው ትዕዛዝ ሞተረኛው ይደውል። `400` ሆኖ `chat not found` ካለ ግን የቻት መለያው ተሳስቷል ወይም ደንበኛው «ጀምር»ን አልተጫነም፤ ሊንኩን እንደገና ይላኩለት።

ቦቱ `429` መለሰ። በአንድ ጊዜ ብዙ ልከዋል። መልሱ ውስጥ `retry_after` የሚል አለ፤ የሚነግርዎትን ያህል ሰከንድ ጠብቀው ከቆሙበት ይቀጥሉ፣ ከመጀመሪያው አይጀምሩ።